ከፊሽካው በኋላ፦ ፋውልና ነፃ ውርወራ ለጀማሪ ተጫዋች ወላጆች

ልጁን አዲስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ያስገባ ወላጅ ሜዳ ዳር ተቀምጦ ከሁሉ በላይ ግራ የሚጋባው ፊሽካው ከተነፋ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው። አንዷ ልጅ ኳስ እያነጠረች ስትሄድ አንጓዋን ትመታለች፤ ዳኛው ያስቆምና ኳሱ ከጎን መስመር እንዲጀመር ያደርጋል። ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ ልጅ እዚያው አካባቢ ልክ እንደዚያው ትመታለች፤ አሁን ግን ዳኛው ሁለት ጣቱን አውጥቶ ሁለት ነፃ ውርወራ ይሰጣታል። ጥፋቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ተለያየ። ከተመልካች ወንበር «ለእኛስ ለምን አልተሰጠም?» የሚል ጩኸት የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ዳኛው ግን ብዙውን ጊዜ አላዳላም። ለአንድ ፋውል የሚሰጠው ቅጣት የሚወሰነው በሦስት ጥያቄዎች ነው፤ ጥያቄዎቹን ያወቀ ወላጅ ዳኛው ቅጣቱን ከማሳየቱ በፊት ራሱ መናገር ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ የዓለም አቀፉን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን የፊባን ሕግ ይከተላል። በኢትዮጵያም ሆነ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራበት ይኸው ነው። አሜሪካ ያሉ ወላጆች የሚያጋጥማቸውን ልዩነት መጨረሻ ላይ እናነሳለን።

ጡጫ ወይስ መዳፍ?

በመጀመሪያ የዳኛውን እጅ ይመልከቱ። ፊሽካ ነፍቶ ክንዱን ወደ ላይ ሲዘረጋ እጁ የተጨበጠ ከሆነ ፋውል ነው። መዳፉ የተከፈተ ከሆነ ፋውል የለም፤ ሌላ የሕግ ጥሰት ነው። ለምሳሌ ተጫዋቹ ኳስ ይዞ ተራምዷል፣ አንጥሮ ከያዘ በኋላ እንደገና አንጥሯል ወይም ኳሱ ከመስመር ወጥቷል። እንዲህ ያለው ጥሰት ማንም ላይ አይመዘገብም፤ ኳሱ ለተጋጣሚ ተሰጥቶ ጨዋታው ይቀጥላል።

ፋውል ማለት ደግሞ ተጫዋች ከተጋጣሚው ጋር ያደረገው ሕገ ወጥ ንክኪ ነው። «ሕገ ወጥ» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። አሥር ልጆች በአንድ ሜዳ ሲሯሯጡ መነካካት አይቀርም፤ ንክኪ ሁሉ ፋውል ቢሆን ጨዋታ አይኖርም ነበር። ሕጉ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የቆመበትን ቦታና ከዚያ ቦታ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያለውን አየር ይሰጠዋል። ተከላካይ እጆቹን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ከሰቀለና ከቆመበት ቀጥ ብሎ ከዘለለ፣ አጥቂው መጥቶ ቢላተምበትም ተከላካዩ ጥፋተኛ አይደለም። እጁን ወደ ፊት አጎንብሶ የአጥቂውን ክንድ ከመታ ወይም ወደ ፊት ዘሎ በደረቱ ከገፋው ግን የሌላውን ቦታ ወስዷል፤ ፋውል ነው።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ኳስ የያዘ አጥቂ ተከላካይን ደረቱ ላይ ሲገጨው ነው። «ተከላካዩ ቆሞ አልነበረም፣ እየተንቀሳቀሰ ነበር» የሚል ክርክር ይነሳል። ሕጉ ግን ተከላካዩ እንደ ሐውልት እንዲቆም አይጠይቅም። ፊቱን ወደ አጥቂው አዙሮ ሁለት እግሩን መሬት አሳርፎ ቦታውን ቀድሞ ከያዘ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ቢንቀሳቀስም መብቱ አይጠፋም። ደረቱ ላይ የገጨው አጥቂ ጥፋተኛ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዳኛው የተጨበጠ እጁን በሌላው መዳፉ ላይ ይመታል። መንገድ የዘጋው ተከላካዩ ከሆነ ደግሞ ሁለት እጆቹን ወገቡ ላይ ያደርጋል። እነዚህን ሁለት ምልክቶች የለየ ወላጅ ከጨዋታው አከራካሪ ውሳኔዎች ብዙዎቹን ወዲያውኑ ይረዳል።

ሦስቱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ «ፋውል የተሠራበት ተጫዋች ወደ ቅርጫት እየወረወረ ነበር ወይ?» የሚል ነው። እየወረወረ ከነበረ ነፃ ውርወራ አይቀርለትም፤ የጨዋታው የመጀመሪያ ፋውል ቢሆን እንኳ። ኳሱ ካልገባ፣ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ነጥብ ያህል ይወረውራል፦ ከሦስት ነጥብ መስመር ውስጥ ከሆነ ሁለት፣ ከመስመሩ ውጭ ከሆነ ሦስት። ኳሱ ከገባ ነጥቡ ይቆጠርለትና በተጨማሪ አንድ ነፃ ውርወራ ያገኛል። ውርወራው ኳሱ ከእጁ ሲወጣ አያበቃም። ዘሎ የወረወረ ልጅ ሁለቱም እግሮቹ መሬት እስኪነኩ ድረስ በሕጉ ፊት እየወረወረ ነው። ስለዚህ ኳሱ ከወጣ በኋላ የገፋው ተከላካይም የውርወራ ፋውል ይቆጠርበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ «በዚያ ሰዓት ኳሱ በማን ቡድን እጅ ነበር?» የሚለው ነው። ፋውሉን የሠራው ኳስ በያዘው ቡድን ውስጥ ያለ ተጫዋች ከሆነ ነፃ ውርወራ የለም፤ ኳሱ ብቻ ለተጋጣሚ ይሰጣል። ተከላካይን ገጭቶ ያለፈ አጥቂ፣ ወይም ለጓደኛው መንገድ ለመክፈት ቆሞ ሲያበቃ በመጨረሻው ሰዓት ዳሌውን አውጥቶ ተከላካይን የገፋ ልጅ ጥፋቱ እዚህ ይገባል።

ሦስተኛው ጥያቄ ወላጆችን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ነው፦ «ጥፋተኛው ቡድን በዚህ ኳርተር ስንተኛ ፋውሉ ነው?» ጨዋታው እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ የሆኑ አራት ኳርተሮች አሉት። በየኳርተሩ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች የሚሠሩት ፋውል ተደምሮ ይቆጠራል። እስከ አራተኛው ድረስ፣ ውርወራ ላይ ያልተሠራ ፋውል የሚያስከትለው ኳሱን ከውጭ ማስጀመር ብቻ ነው። ከአምስተኛው ጀምሮ ግን ኳሱ ባልያዘው ቡድን የሚሠራ ማንኛውም ተራ ፋውል ሁለት ነፃ ውርወራ ያስከትላል፤ ቢገባ ባይገባ የማይታሰብ ቦታ ላይ፣ መሐል ሜዳ ላይም ቢሆን። አዲስ ኳርተር ሲጀምር ቆጠራው ከዜሮ ይነሳል። ጨዋታው በእኩል ነጥብ አልቆ ተጨማሪ ሰዓት ከተሰጠ ግን የአራተኛው ኳርተር ቆጠራ ይቀጥላል።

ይህ የጋራ ቆጠራ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ በጻፋቸው 13 ሕጎች ውስጥ፣ አንድ ቡድን ተጋጣሚው በመሐል ሳያጠፋ በተከታታይ ሦስት ፋውል ከሠራ ለተጋጣሚው አንድ ጎል ይቆጠርለት ነበር። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው። አንድ ልጅ አንዴ ቢሳሳት ብዙ አይጎዳም፤ ቡድኑ በሙሉ በመነካካት መከላከልን ልማድ ሲያደርገው ግን በነጥብ ይከፍላል።

አንድ ኳርተር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ ምሳሌ እንያቸው። ቢጫ ለባሾችና ሰማያዊ ለባሾች ይጫወታሉ፤ አራተኛው ኳርተር ሲጀመር ቢጫ 38 ለ 37 ይመራል። ሁለቱም ቡድኖች በዚህ ኳርተር የተመዘገበባቸው ፋውል የለም።

የቢጫ ቡድን ተከላካይ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ የምታነጥረውን የሰማያዊ ተጫዋች አንጓዋን ይመታል። እየወረወረች አይደለም፤ ለቢጫ የመጀመሪያ ፋውል ነው። ሰማያዊ ኳሱን ከጎን ይጀምራል። ቀጥሎ ተወርውሮ የተመለሰ ኳስ ለመያዝ ሲሻሙ አንዱ የቢጫ ልጅ ተጋጣሚውን ከኋላ ይገፋዋል። ሁለተኛ ፋውል፤ አሁንም ኳሱ ለሰማያዊ ይሰጣል።

ከዚያ አንዲት የሰማያዊ ተጫዋች ሰብራ ገብታ ስትወረውር ክንዷን ትመታለች፤ ኳሱ አይገባም። ለቢጫ ገና ሦስተኛ ፋውል ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አዎ፣ እየወረወረች ነበር» ስለሆነ ቆጠራው ሳይታይ ሁለት ነፃ ውርወራ ታገኛለች። አንዱን ታስገባለች፤ 38 ለ 38። ሁለተኛውን ትስታለች፤ ኳሱን ቢጫ ይይዘዋል። የቢጫው ልጅ ኳሱን ይዞ ወደ ፊት ሲሮጥ ቦታውን ቀድሞ የያዘውን የሰማያዊ ተከላካይ ደረቱ ላይ ይገጨዋል። የአጥቂ ፋውል ነው፤ ኳሱ የጥፋተኛው ቡድን ስለነበር ነፃ ውርወራ የለም፣ ሰማያዊ ከውጭ ይጀምራል። ፋውሉ ግን በቡድኑ ቆጠራ ውስጥ ይገባል። ቢጫ አራት ሞላ። በዚህ ጊዜ የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ፣ በቢጫ ቡድን በኩል ቀይ ምልክት ይቆማል። ወላጅ መፈለግ ያለበት ይህን ምልክት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚሠራ ፋውል እንደሚያስከፍል የሚናገረው እርሱ ነውና።

ወዲያው አንድ የቢጫ ተከላካይ መሐል ሜዳ ላይ የሰማያዊዋን ልጅ አንጓ ይነካል። ከመጀመሪያው ፋውል ጋር አንድ ነው፤ ቦታውም ያው፣ ንክኪውም ያው። አሁን ግን አምስተኛ ስለሆነ ልጅቷ ሁለት ነፃ ውርወራ አገኘች፤ ሁለቱንም አስገባች፤ ሰማያዊ 40 ለ 38 መራ።

በቀጣዩ ጥቃት የሰማያዊ ተከላካይ የቢጫውን ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ ይመታዋል። የቢጫ ወላጆች ሁለት ውርወራ ይጠብቃሉ፤ ዳኛው ግን ኳሱን ከጎን ያስጀምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቆጠራው ለእያንዳንዱ ቡድን ለየብቻ ነው፤ ለሰማያዊ በዚህ ኳርተር ይህ የመጀመሪያ ፋውሉ ነው። ዳኛው ሁለቱን ቡድኖች በእኩል ዓይን አይቷል፤ የተለያየው ሁለቱ ቡድኖች ያጠራቀሙት ፋውል ነው።

ከተራ ፋውል ውጭ ያሉት

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ የግል ፋውል የሚባሉት፣ በጨዋታ መሐል የሚያጋጥሙ ተራ ጥፋቶች ናቸው። ከእነዚህ ውጭ በልጆች ጨዋታ የሚያጋጥሙ ሁለት ዓይነቶች አሉ።

ቴክኒካል ፋውል የሥነ ምግባር ጥፋት ነው፤ ሰው መንካት አያስፈልገውም። ዳኛን መሳደብ፣ ኳሱን ሆን ብሎ ጨዋታ ለማዘግየት መወርወር፣ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ ሳይነኩ እንደተነኩ መስሎ መውደቅ ያስቀጣል። ዳኛው ሁለት እጆቹን በላቲኑ «ቲ» ፊደል ቅርጽ ያገጥማል። ቅጣቱ አንድ ነፃ ውርወራ ሲሆን፣ የሚወረውረውን የተጋጣሚ አሰልጣኝ ይመርጣል። ከዚያ ጨዋታው ከተቋረጠበት ይቀጥላል፤ ኳሱ በእጁ የነበረ ቡድን አያጣውም።

ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ፋውል የሚባለው ደግሞ ኳሱን ለማግኘት ትክክለኛ ጥረት የሌለበት ወይም ከልክ ያለፈ ኃይል ያለበት ንክኪ ነው። ብቻውን ወደ ቅርጫት የሚሮጥን ልጅ ከኋላ ማልያውን ጎትቶ ማስቀረት የተለመደ ምሳሌ ነው። ዳኛው ክንዶቹን ወደ ላይ አንሥቶ የአንዱን እጅ አንጓ በሌላው ይይዛል። ቅጣቱ ከበድ ይላል፤ በአብዛኛው ሁለት ነፃ ውርወራ ይሰጥና በዚያ ላይ ኳሱም ለተበደለው ቡድን ይሆናል። ከውርወራው በኋላ ኳሱ ለዚያው ቡድን ስለሚሰጥ የሚሻማ የለም፤ ስለዚህ ልጅዎ መስመሩ ላይ ብቻዋን ቆማ ስትወረውር ቢያዩ አይደንቅዎ።

በዚህ ክፍል ውስጥ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ከሁሉ አደገኛው ጥፋት፣ ዘሎ የወረወረ ልጅ ከአየር ሲወርድ እግሩ ሥር መግባት ነው። ወራጁ በተከላካዩ እግር ላይ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል። ሕጉ አየር ላይ ላለ ተጫዋች የሚያርፍበትን ቦታ ይጠብቅለታል፤ ዳኞችም ይህን ጠበቅ አድርገው ይቀጣሉ። ልጅዎ ወርዋሪን ለመከላከል ሲሮጥ ወደ ወርዋሪው እግር ጠልቆ የሚገባ ከሆነ፣ በዚያው ሳምንት ከአሰልጣኙ ጋር ይነጋገሩበት።

ሁለት ቴክኒካል፣ ሁለት ጨዋነት የጎደለው፣ ወይም ከየአንዳንዱ አንድ አንድ የተመዘገበበት ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል። እንደ ድብድብ ያለ ከባድ ጥፋት ሲሆን ደግሞ በአንድ ጊዜ ያስባርራል።

መስመሩ ላይ

የነፃ ውርወራ መስመር ከሰሌዳው 4.60 ሜትር ይርቃል፤ ቅርጫቱ 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ለሕፃናት በተዘጋጀው ሚኒ ባስኬትቦል ቅርጫቱ ወደ 2.60 ሜትር ዝቅ ይላል፤ መስመሩም ወደ 4 ሜትር ይቀርባል። እያንዳንዱ የገባ ውርወራ አንድ ነጥብ ነው።

በግል ፋውል የሚወረውረው ፋውሉ የተሠራበት ልጅ ራሱ ነው፤ ቡድኑ የተሻለ የሚወረውረውን መላክ አይችልም። ተጎድቶ መቀጠል ካልቻለ ግን እርሱን ቀይሮ የገባው ይወረውራል። ዳኛው ኳሱን ከሰጠው በኋላ አምስት ሴኮንድ አለው። ኳሱ ቅርጫቱን ወይም ቀለበቱን እስኪነካ ድረስ መስመሩን መርገጥ አይፈቀድለትም። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ኳሱ እንዲደርስላቸው ሰውነታቸውን ወደ ፊት ይወረውራሉ፤ እግራቸው መስመሩን ያልፋል፤ ኳሱ ገብቶ ሳለ ነጥቡ ይሰረዛል። ወላጅ «ገብቶ የለም እንዴ!» ሲል ዳኛው ያየው እግሩን ነው።

ከሠዓሊ ሳጥኑ ግራና ቀኝ የሚሰለፉት ቢበዛ ሦስት ተከላካዮችና ሁለት የወርዋሪው ጓደኞች ናቸው። ከቦታቸው መውጣት የሚችሉት ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ከወጣ በኋላ ነው። ተከላካይ ቀድሞ ከገባና ኳሱ ከሳተ ውርወራው ይደገማል። ሁለት ውርወራ ሲሰጥ ከመጀመሪያው በኋላ ኳሱ አይሻሙበትም። የመጨረሻው ሲሳት ብቻ ኳሱ ሕያው ይሆናል፤ ሲገባ ደግሞ ተጋጣሚው ከቅርጫቱ ጀርባ ይጀምራል።

አምስተኛው ፋውልና መዝገቡ

ከቡድኑ ቆጠራ ጎን ለጎን የእያንዳንዱ ልጅ የግል ቆጠራ አለ። አምስት ፋውል የሞላበት ተጫዋች ተቀይሮ ይወጣል፤ ተመልሶ አይገባም። ለዚህ ነው አሰልጣኝ በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ፋውል ያለበትን ልጅ ቤንች ላይ የሚያስቀምጠው፤ ቅጣት ሳይሆን ለመጨረሻው ሰዓት መቆጠብ ነው።

አሜሪካ ያሉ ወላጆች የሚያዩት ጥቂት ይለያል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ሕግ ከ2023–24 የውድድር ዓመት ጀምሮ እንደ ፊባ በየኳርተሩ ቆጥሮ በአምስተኛው ላይ ሁለት ውርወራ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ቆጠራው በአጋማሽ ነበር፤ ከሰባተኛው ፋውል ጀምሮ የመጀመሪያውን ያስገባ ብቻ ሁለተኛውን የሚያገኝበት አሠራር ነበረ። ይህን የቀድሞ አሠራር የሚከተሉ የአካባቢ ውድድሮች ሊያጋጥሙዎት ይችላሉ። ስለዚህ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አሰልጣኙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ተጫዋች በስንት ፋውል ይወጣል፣ የቡድን ፋውል በኳርተር ነው ወይስ በአጋማሽ የሚቆጠረው፣ ነፃ ውርወራው ከስንተኛው ይጀምራል?

ከጨዋታው በኋላ ደግሞ የጨዋታውን መዝገብ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። በፊባ መዝገብ ላይ ከልጅዎ ስም ጎን እያንዳንዱ ፋውል በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የግል ፋውል በ«ፒ»፣ ቴክኒካል በ«ቲ»፣ ጨዋነት የጎደለው በ«ዩ»። ነፃ ውርወራ ያስከተለ ከሆነ ከፊደሉ ሥር ቁጥሩ ይታከላል። የልጅዎ አራት ፋውሎች በሙሉ ቁጥር የሌላቸው «ፒ» ከሆኑ፣ ምናልባት እግሩን ከማንቀሳቀስ ይልቅ እጁን እየላከ ኳስ ለመንጠቅ ይሞክራል፤ ሥራው እግር ላይ ነው። ቡድኑ አምስት ሳይሞላ ደጋግሞ «ፒ» ከሁለት ቁጥር ጋር ከተጻፈበት ግን የሚያጠፋው ወርዋሪ ላይ ነው፤ ወደ ፊት እየዘለለ ነው ማለት ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ልምምዱ አንድ ነው፦ ከወርዋሪው ፊት ክንድ ያህል ርቆ መቆም፣ ሁለት እጅ ቀጥ አድርጎ መስቀል፣ በቆሙበት ቀጥ ብሎ መዝለል፣ በዘለሉበት ማረፍ። በሚቀጥለው ጨዋታ መዝገቡን ከቀድሞው ጋር ያስተያዩት፤ ከ«ፒ» ሥር ያለው ቁጥር ከቀነሰ ልምምዱ ሠርቷል።